ጣዕሙ የሚዋዥቀው ሽሮፑ ስለሚዋዥቅ ነው

ጥያቄ፦ «ቦሌ አካባቢ ትንሽ ባር አለኝ፤ ሜኑው ላይ 12 ኮክቴል አለ። በብዛት የሚሸጠው በ50 ሚሊ ሊትር ጂን፣ በ25 ሎሚና በ25 የማር ሽሮፕ የምንሠራው ነው። አንድ ቀን ‹ስኳር ብቻ ነው› ይሉኛል፣ ሌላ ቀን ‹አቃጠለኝ፣ ኮመጠጠ› ይሉኛል። ሽሮፑን የሚያፈላው ተረኛው ባርቴንደር ነው። ሎሚ ሲወደድ ወደ 15 ሚሊ ሊትር አውርደነዋል። መሸጫው ከቫት ጋር 575 ብር ነው፤ ጂኑ ባለ 750 ሚሊ ሊትሩ 1,200፣ ሎሚ ኪሎ 240፣ ማር ኪሎ 800፣ የናና እስር 40፣ ብርቱካን አንዱ 40 ብር። ለጋርኒሹ፣ ብርጭቆው ላይ ለምናስጌጥበት ናናና የደረቀ የብርቱካን ክብ፣ 9 ብር ይዤለት ወጪዬ 20 በመቶ ነው። መራራዎቹን ማንም አያዝዛቸውም፤ ላውጣቸው? ጋርኒሹስ ይቀነስ?»

ምላሽ፦ «25 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ» የሚለው መመሪያ ብርጭቆው ውስጥ ስንት ግራም ስኳር እንደገባ አይናገርም። ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ባርቴንደር አንድ ኪሎ ማር በአንድ ኪሎ ውሃ ቢበጠብጥ፣ በ25 ሚሊ ሊትሩ ውስጥ 12 ግራም ገደማ ስኳር ይገባል። ሌላው ሁለት ኩባያ ማር በአንድ ኩባያ ውሃ ካደረገ 19 ግራም ይደርሳል። ማር አልቆ አንዱ በስኳር ቢተካውና እንዲወፍር ብሎ ሁለት ኪሎ ስኳር በአንድ ኪሎ ውሃ ቢያሟሟ ደግሞ ወደ 22 ግራም ይጠጋል። ሦስቱም «የኛ ሽሮፕ» ይባላሉ፣ ሦስቱም በአንድ መለኪያ ይቀዳሉ፤ ስኳራቸው ግን እጥፍ ሊባል በሚችል ደረጃ ይለያያል። ባርቴንደሩ በመለኪያው በጥንቃቄ ቢቀዳም ይህ ልዩነት አይጠፋም።

አሁን የሎሚውን ወገን ይመልከቱ። የሎሚ ጭማቂ ውስጥ ያለው አሲድ በግምት 6 በመቶ ነው፤ 25 ሚሊ ሊትር ጭማቂ 1.5 ግራም ያህል አሲድ ያስገባል ማለት ነው። እንዲህ ባለ የጂንና የሎሚ መጠጥ ውስጥ ብዙ ሰው «ልክ ነው» የሚለው፣ ስኳሩ የአሲዱን 10 እጥፍ አካባቢ ሲሆን ነው። ወደ 8 እጥፍ ሲወርድ ጎምዛዛ የሚወዱ ይደሰቱበታል፤ ከ12 ሲያልፍ መጠጡ ከንፈር ላይ መጣበቅ ይጀምራል። በ25 ሚሊ ሊትር ውስጥ 15 ግራም ስኳር ካለና ሎሚውም 25 ከሆነ ልክ 10 እጥፍ ላይ ነዎት። ሎሚውን ወደ 15 አውርደው ሽሮፑን ባለበት ሲተዉት አሲዱ 0.9 ግራም ይሆንና 17 እጥፍ ላይ ያርፋሉ። «ስኳር ብቻ ነው» ያለው ደንበኛ ስኳር እንደጨመሩበት ነው የገመተው፤ እርስዎ ያደረጉት ግን ስኳሩን የሚይዘውን ሎሚ መቀነስ ነው። «አቃጠለኝ» ያለው ደግሞ ሎሚው ሙሉ የነበረበት፣ ሽሮፑ ግን በውሃ የቀጠነበት ቀን ደርሶበታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

በዚህ ቁጠባ ያተረፉትንም እንየው። አንድ ኪሎ ሎሚ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ጭማቂ ከሰጠዎ፣ 25 ሚሊ ሊትሩ 15 ብር ያወጣል፤ 10 ሚሊ ሊትር ሲቀንሱ 6 ብር አተረፉ። (የሎሚው ምርት እንደ ወቅቱ ይለያያል፤ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ጨምቀው ይለኩት።) በ575 ብር መጠጥ ላይ ለ6 ብር ሲባል ጣዕሙን ማፍረስ አያዋጣም። የሚቆረጥ ወጪ ሌላ ቦታ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ሽሮፑን አንድ ለማድረግ ኩባያውን ትተው ሚዛን ይግዙ። ባር ውስጥ የሚገባ ሽሮፕ ሁሉ ከክብደቱ ግማሹ ስኳር ይሁን። ለተራው ሽሮፕ ቀላል ነው፦ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ኪሎ ውሃ። ማር ግን ራሱ ውሃ አለው፤ ከመቶው 82 ያህሉ ብቻ ነው ስኳር የሚሆነው። ስለዚህ ለአንድ ኪሎ ማር የሚገባው ውሃ 640 ግራም ነው። ከዚህ 1.3 ሊትር ከፍ ያለ ሽሮፕ ያገኛሉ፤ 53 መጠጥ ይወጣዋል፣ ለአንዱም 15 ብር ይደርሳል። የዝንጅብል ሽሮፕ ከፈለጉ ዝንጅብሉን ፈጭተው ጨምቀው ያጥሩትና በጭማቂው ክብደት ልክ ስኳር ይጨምሩ። ሁሉም በአንድ ጥንካሬ ከሆኑ ማሩ ሲያልቅ በስኳር፣ ስኳሩ በዝንጅብል ሲተካ መዓዛው ይለወጣል እንጂ ሚዛኑ አይናጋም። ያልተጣራ ማር ሰምና ብናኝ ስላለው ከመቀላቀልዎ በፊት በወንፊት ይለፍ።

«የሚያፈላው» ያሉት ቃል ላይ ግን ልቁም። ሽሮፕ አይፈላም። ስኳር ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ማርማ ሙቅ ውሃ ብቻ ይበቃዋል፣ ሲፈላ መዓዛው በእንፋሎት ይሄዳል። ድስቱ እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ውሃው ይተንናል፣ ሽሮፑ ይጠነክራል፤ አንዱ ባርቴንደር 5 ደቂቃ፣ ሌላው ስልክ እያወራ 20 ደቂቃ ቢተወው ሁለት የተለያዩ ሽሮፖች ተሠሩ። እሳት ላይ ማድረግ ግድ ከሆነ፣ ሲወርድ ይመዘንና የጎደለው ውሃ ይሞላ። በእጅ የሚያዝ የስኳር መለኪያ፣ ሪፍራክቶሜትር የሚሉት፣ ካገኙ ይግዙ፦ ጠብታ አድርገው በመስኮቱ ሲያዩ 50 ማሳየት አለበት። ለማር ፍጹም ትክክል ባይሆንም ለባር ሥራ ይበቃል።

የማር ሽሮፕ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ለእኛ አገር ሰው ማስረዳቱም ቀላል ነው። ማር በውሃ ሲበጠበጥ ብርዝ ነው፣ ብርዝ ከቆየ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ጠጅ ጣይ ያውቃል። ሽሮፕዎ ከብርዝ በጣም ስለሚወፍር ሂደቱ ይዘገያል እንጂ አይቆምም፤ መብራት ሲጠፋና ፍሪጁ ሲሞቅ ይፈጥናል። ስለዚህ የማርና የዝንጅብል ሽሮፕ ፍሪጅ ውስጥም ከአንድ ሳምንት በላይ አያቆዩ፤ ተራው የስኳር ሽሮፕ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ጠርሙሱ ላይ የተሠራበት ቀንና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ። ሲከፈት «ጭስ» የሚል ድምፅ ካሰማ፣ አረፋ ካነሳ ወይም የእርሾ ሽታ ካለው ይደፋ። በአሮጌ ሽሮፕ ላይ አዲስ መሙላት ክልክል ይሁን፤ ያኔ የአሮጌው እርሾ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ጠርሙሱም ታጥቦ በፈላ ውሃ ሳይለቀለቅ አዲስ አይቀዳበት።

መጠጡን ሲያስተካክሉ የሚቀምሱት በረዶ ውስጥ ከተናወጠ በኋላ ይሁን። ቅዝቃዜ የጣፋጭነትን ስሜት ያደበዝዛል፤ ከሼከሩ በፊት የጣፈጠ የመሰለው ሲቀዘቅዝ ጎምዛዛ ይሆናል። ሲናወጥም ከበረዶው ብዙ ውሃ ይገባበታል፤ ብዙ ጊዜ ከተቀዳው መጠን ግማሽ አካባቢ ይደርሳል። ለዚህ ነው የላብ ጠብታ የያዘ፣ ቀልጦ ያነሰ በረዶ ያለው ባር ከቅዳሜ ምሽት 3 ሰዓት በኋላ ሁሉም መጠጡ «ውሃ ውሃ» የሚለው። ሽሮፕዎ የቱንም ያህል ቢስተካከል እርጥብ በረዶ የሚያበላሸውን አያድንም። ብርጭቆው ውስጥ ግማሽ ሲደርስም ይቅመሱት፤ ደንበኛው የመጀመሪያዋን ጉንጭ ብቻ አይደለም የሚጠጣው፣ እየሞቀ ሲሄድ ስኳሩ ወደ ፊት ይወጣል።

ወደ መራራዎቹ ስንመጣ አያውጧቸው፤ ያሉበትን ሁኔታ ግን ይለውጡ። ብዙ ሰው መራራ ኮክቴል ስኳር የሌለው ይመስለዋል። ኔግሮኒን እንውሰድ፦ 30 ጂን፣ 30 ካምፓሪ፣ 30 ቀይ ቨርሙዝ። ካምፓሪ በሊትር ከ200 ግራም በላይ ስኳር አለው፤ ጣፋጭ ቨርሙዝም ከ130 ግራም አያንስም። ሲደመር ብርጭቆው ውስጥ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር አለ፤ ከማር መጠጥዎ ብዙም አይርቅም። ሎሚ ባለበት መጠጥ ስኳሩን አሲዱ ይይዘዋል፣ እዚህ መራራው ይይዘዋል። ባርቴንደር ይህን ሳያውቅ «መሮታል» ብሎ ሽሮፕ ሲጨምርበት ወፍራም፣ እንደ ሳል መድኃኒት የሆነ ነገር ይወጣል። የመረረው ደንበኛ ከስኳር ይልቅ ጨው ነው የሚያስፈልገው፦ 20 ግራም ጨው በ80 ግራም ውሃ አሟሙተው በጠብታ ማንጠባጠቢያ ይያዙ፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ጨዋማ ሳያደርግ መራራውን ይገራዋል። ቨርሙዙም ወይን መሆኑን ያስታውሱ፤ ከተከፈተ በኋላ መደርደሪያ ላይ ወራት የቆየ ቨርሙዝ ያለበትን ኔግሮኒ ደንበኛ ባያዝዝ አልፈርድበትም።

የእኛ ጠጪ መራራ አይወድም የሚለውን አልቀበልም። ስኳር የሌለው ቡና የሚጠጣ፣ ጠላና ጠጅ ውስጥ ጌሾ የለመደ ሰው መራራ ያውቃል። የማያውቀው ስሙንና ቀለሙን ነው። ስለዚህ በሚያውቀው በኩል ያቅርቡለት። ጠንካራ ቡና አቀዝቅዘው በክብደቱ ልክ ስኳር ያሟሙበት፤ ከዚህ 15 ሚሊ ሊትር፣ 45 ጂን፣ ቶኒክ ይሞላበት፣ የብርቱካን ልጣጭ ይጨመቅበት። መራራው ከቡናውም ከቶኒኩም ይመጣል፤ ሎሚ አያስፈልገውም፣ ሎሚ በተወደደበት ወር ሊገፉት የሚገባም ይህ ነው። በማሩ መጠጥ ላይም አንጎስቱራ ከሚባለው በርጭት ከሚጨመር መራራ ሁለት ርጭት ያድርጉ። ማንም «መራራ ነው» አይልም፣ ነገር ግን ሁለተኛውን ብርጭቆ ያዝዛል፤ ጣፋጭና ጎምዛዛ ብቻ የሆነ መጠጥ ቶሎ የሚሰለቸው መጨረሻው ባዶ ስለሆነ ነው።

የራስዎን መራራ ለመሥራት ሲነሱ ግን ሁለት ነገር አያድርጉ። ጌሾን በጠንካራ አልኮል ዘፍዝፈው አይጠቀሙ። ጌሾ በጠላና በጠጅ ውስጥ የታወቀ ነው፤ 40 ከመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ከቅጠሉና ከእንጨቱ የሚስበው መጠን ግን በልማድ የተፈተነ አይደለም። የዚያን ጣዕም ከፈለጉ የተጣለ ጠጅ 30 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ኪኒን የሚገኝበትን የሲንኮና ቅርፊት ከበይነመረብ ገዝቶ የራስን ቶኒክ መሥራትም ይቅርብዎ፤ ኪኒን ሲበዛ ጆሮ ያስጮኻል፣ ራስ ያዞራል፣ ከዚያም የባሰ ጉዳት ያመጣል። የፋብሪካ ቶኒክ ይግዙ።

ሜኑዎን ባላየውም 12 ኮክቴል ያለው ትንሽ ባር ላይ የማየው ተመሳሳይ ነው፦ ዘጠኙ አልኮል፣ ሎሚና ሽሮፕ ናቸው፣ የሚለያዩት በቀለም ነው። ሎሚው ሲወደድ ሜኑው በሙሉ አብሮ ይወድቃል። ወደ 8 ያውርዱት። አራቱ ሎሚ ያላቸው ይሁኑ፤ አንዱ ጎምዛዛ፣ 8 እጥፍ ላይ፤ ሁለቱ መካከለኛ፤ አንዱ ጣፈጥ ያለ። ሁለቱ መራራና ጣፋጭ፣ ያለ ሎሚ። አንዱ ረጅም፣ በሶዳ የሚሞላ። አንዱ አልኮል የሌለው። አረፋ ያለው መጠጥ ካለዎት በእንቁላል ነጭ ፋንታ ሽምብራ የተቀቀለበትን ወፍራም ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠቀሙ፤ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሜኑውን መቀየር አይኖርብዎትም፣ ከጥሬ እንቁላል ስጋትም ይድናሉ።

አሁን ሂሳቡ። 20 በመቶ ያሉት ትክክል አይደለም፤ ሁለት ቦታ ላይ ተሳስቷል። ጂን 80፣ ሎሚ (በሙሉ 25 ሚሊ ሊትር) 15፣ ማር 15፣ ጋርኒሽ 9፤ ድምሩ 119 ብር ነው። ይህን ለ575 አካፍለዋል። ነገር ግን ከ575ቱ 75 ብሩ ቫት ነው፣ የእርስዎ አይደለም። አካፋዩ 500 ነው። ሁለተኛው ስህተት 9 ብሩ ነው። ናናውን 12 ዘለላ ብለው 40ን ለ12 አካፍለዋል ብዬ እገምታለሁ፣ ብርቱካኑን ደግሞ ለ8 ክብ። ማታ ሲዘጉ ስንቱ ናና ጠቁሮ ይደፋል? ስድስቱ ብቻ ብርጭቆ ላይ ከደረሱ አንዱ ዘለላ 6.70 ብር ነው። ከብርቱካኑም ሁለቱ ጫፎች ይጣላሉ፣ አንዱ ሲደርቅ ይቃጠላል ወይም ይሰበራል፤ አምስት ደህና ክብ ከቀረ አንዱ 8 ብር ነው፣ የምድጃውን መብራት ሳንቆጥር። ጋርኒሽዎ 15 ብር ገደማ ሆነ። 125 ብር ለ500 ሲካፈል 25 በመቶ ነው። ብዙ ባሮች የሚያነጣጥሩት ከ18 እስከ 24 በመቶ መካከል ስለሆነ ከዚያ አልፈዋል፤ አደገኛ ባይሆንም 20 አይደለም።

የጋርኒሽን ወጪ በቁራጭ ሳይሆን በሳምንት ያስሉት፦ በሳምንቱ ለጋርኒሽ የወጣው ብር በሙሉ፣ ጋርኒሹ በወጣበት ኮክቴል ብዛት ይካፈል። የተደፋው፣ ባርቴንደሩ የበላው፣ ለሶዳ የሄደው ሁሉ በራሱ ይገባበታል። ከግብዓቱ ወጪ ከአሥር አንድ እጅ ካለፈ ይከለስ። የእርስዎ በጂኑ፣ በሎሚውና በማሩ 110 ብር ላይ 15 ስለሆነ አልፏል።

የሚቀነሰውን ለመለየት ጋርኒሹን ያሽትቱት። ጋርኒሽ ሥራው አፍንጫ ላይ ነው፤ ደንበኛው ብርጭቆውን ሲያነሳ መዓዛው ቀድሞ ይደርሰዋል፣ ይህም ምላስ ላይ ያለውን ጣፋጭና ጎምዛዛ ይለውጠዋል። ትኩስ ናና ይሸታል። የደረቀ ብርቱካን ለፎቶ ያምራል፣ መዓዛው ግን ምድጃው ውስጥ ቀርቷል፤ 8 ብሩ የፎቶ ዋጋ ነው። እሱን ያውጡ። በምትኩ ለጭማቂ የገዙትን ሎሚ ከመጭመቅዎ በፊት ልጣጩን በስሱ ያንሱ፣ ነጩ ሳይከተል፤ በመጠጡ ላይ ቆልመም አድርገው ዘይቱ ይረጭበት፣ ከዚያ ይጣል ወይም ይግባበት። የእኛ ሎሚ ቆዳው ስስ ስለሆነ ስለታም ቢላዋ ወይም ጥሩ መላጫ ይፈልጋል፤ ከተጨመቀ በኋላ የተላጠ ልጣጭ ዘይቱ ስላለቀ አይረባም። ወጪው ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም ሎሚውን አስቀድመው ከፍለውበታል። ናናውን ማታ ግንዱን ውሃ ውስጥ አቁመው፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ፍሪጅ ውስጥ ካሳደሩት ይደፉ ከነበሩት ስድስት ዘለላዎች የሚበልጠው ለማግስቱ ይተርፋል።

ጤና አዳም የሚጠቀሙ ባሮች አሉ፤ በቡናው መጠጥ ላይ ያምርበታል። ጫፍ ላይ ለማሽተት ብቻ ይሁን። አልኮል ውስጥም ሽሮፕ ውስጥም አይዘፍዝፉት፣ አልኮል በሌለው መጠጥዎ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አያስቀምጡት፤ ያንን ከሚያዝዙት መካከል ነፍሰ ጡሮች አሉ፣ ጤና አዳም ደግሞ ለእነሱ አይሆንም።

ዓርብና ቅዳሜ ፍጥነት ከጠየቀ፣ ጂኑንና ሽሮፑን አስቀድመው ይቀላቅሉ፦ አንድ ጠርሙስ ጂን ለ375 ሚሊ ሊትር የማር ሽሮፕ። 15 መጠጥ ይወጣል፤ ባርቴንደሩ ከዚህ 75 ይቀዳል፣ 25 ሎሚ ይጨምራል፣ ያናውጣል። ጠርሙሱ ከመቀዳቱ በፊት ይገለባበጥ። ሎሚውን ግን ድብልቁ ውስጥ አያስገቡ፤ የተጨመቀ ሎሚ የዚያው ቀን ነው፣ ካደረ ጎምዛዛነቱ ይቀራል፣ ትኩስነቱ ይሄዳል፣ ደስ የማይል የመረረ ነገር ይተካበታል።

ስለዚህ ያለማመንታት የምመክርዎት ይህን ነው፦ ነገ ሎሚውን ወደ 25 ይመልሱ፣ ሽሮፑን አንድ ሰው ብቻ በሚዛን ይሥራ፣ የደረቀ ብርቱካኑን ያውጡ፣ አንጎስቱራውን ይጨምሩ። ናናው ከነብክነቱ ቢቀር እንኳ ወጪው 117 ብር ይሆናል፣ አንጎስቱራው የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ 24 በመቶ አካባቢ ያርፋሉ። ናናውን ሌላ መጠጥ ላይ አድርገው እዚህ ልጣጩን ብቻ ከተዉ ወደ 22 ይወርዳል። ሎሚ ኪሎው ወደ 480 ቢወጣ አሁንም መለኪያውን አይንኩ፤ ለምግብ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ 60 ግራም በ940 ግራም ውሃ አሟሙተው ከትኩስ ጭማቂ ጋር ግማሽ በግማሽ ይቀላቅሉት። ጎምዛዛነቱ እኩል ስለሆነ በ25 ሚሊ ሊትሩ ይቀዳል፣ ወጪውም ወደ 15 ብር ይመለሳል። ከግማሽ በላይ አይሂዱ፤ መጠጡ ጠፍጣፋ፣ እንደ ዱቄት ጭማቂ ይሆናል። አሲዱንም በማንኪያ አይስፈሩት፣ ሚዛኑን አሁን ገዝተዋልና።